ባንኩ የሚያውቀው አንዱን ቁጥር ብቻ ነው

«ደመወዝ ለሁሉም በባንክ ነው የማስገባው። ደረሰኙም ስልኬ ላይ አለ። ከዚህ በላይ ምን መዝገብ እንድይዝ ትፈልጋላችሁ?»

ጥያቄው የአንድ አነስተኛ ዳቦ ቤት ባለቤት ነው። ሦስት ሠራተኞች አሉት፦ ጋጋሪ፣ ሻጭና ጽዳት። ሰውየው አጭበርባሪ አይደለም። በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ በፖስታ አሽጎ የሚያድልበትን ዘመን ትቶ ወደ ባንክ ሲሻገር መዝገቡም አብሮ የተስተካከለ መስሎት ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምለው ተቃራኒውን ነው። መዝገቡ ሳይስተካከል ደመወዝ በባንክ መክፈል የጀመረ አሠሪ በራሱ ላይ በየወሩ ማስረጃ እየጻፈ ነው።

የአንድ ወር የሂሳብ መግለጫውን አብረን አየን። ከድርጅቱ ሂሳብ ለሠራተኞች 15,950 ብር ወጥቷል። ለሥራ ግብር 900 ብር፣ ለጡረታ ደግሞ 2,160 ብር ተከፍሏል። የደመወዝ ሰንጠረዥ ማየት እንኳ አላስፈለገኝም። የጡረታ መዋጮ በድምሩ የመሠረታዊ ደመወዝ 18 በመቶ ነው፤ 7 በመቶው ከሠራተኛው ይቀነሳል፣ 11 በመቶውን አሠሪው ከራሱ ይጨምራል። ስለዚህ የተከፈለው ጡረታ ለ0.18 ሲካፈል የተዘገበው የደመወዝ ድምር ይገኛል። 2,160 ለ0.18 ሲካፈል 12,000 ይሆናል። ሦስቱም ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 4,000 ብር እንደሚያገኙ ተደርጎ ለግብር ሰብሳቢው ተነግሯል ማለት ነው። ያ እውነት ቢሆን ኖሮ ግብሩና የሠራተኛው ጡረታ ተቀንሶ ሦስቱ በጋራ እጃቸው የሚገባው 10,260 ብር ነበር። ባንኩ ግን 15,950 ብር አስተላልፏል። የ5,690 ብሩን ልዩነት የሚያስረዳ አንድም ወረቀት የለም። በፖስታ ዘመን ይህ ልዩነት አይታይም ነበር፤ አሁን ቀን፣ ሰዓትና የሂሳብ ቁጥር አለው።

ነገሩ የተበላሸው ከሂሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ቀድሞ፣ በቅጥሩ ዕለት ነው። በአገራችን አነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ ደመወዝ የሚነገረው «የተጣራ» ተብሎ ነው። ባለቤቱ ጋጋሪዋን ሲቀጥር «የተጣራ 7,650 ብር እሰጥሻለሁ» አላት። እሷም ተስማማች፤ የምታውቀው ቤት ኪራይና አስቤዛ ነውና እጇ የሚገባው ብር ነው ቁም ነገሩ። ግብሩና ጡረታው «የአሠሪው ጉዳይ» ሆነ። አሠሪው ደግሞ የራሱ ጉዳይ የሆነውን ወጪ በሚችለው መጠን ያሳንሳል። ሠራተኞች ራሳቸው «አሳንሰህ አስመዝግብልኝ» የሚሉበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱንም አልክድም። ቢሆንም ግብሩን ቀንሶ የማስገባት ግዴታ ሕጉ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ያልቀነሰውንም ግብር በመጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የተጣራውን ወደ ጠቅላላ ደመወዝ መመለስ ከባድ ሂሳብ አይደለም። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 በመቶ ተነሥቶ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ጠቅላላ ደመወዟ 10,000 ብር ለሆነ ጋጋሪ የሥራ ግብሩ የሚገኘው ደመወዙ በ25 በመቶ ተባዝቶ ለዝቅተኞቹ እርከኖች ማካካሻ 850 ብር ሲቀነስ ነው፤ 1,650 ብር ይሆናል። ጡረታዋ 700 ብር ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ እጇ የሚገባው 7,650 ብር ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ ሳያውቀው የተስማማው በአሥር ሺህ ብር ደመወዝ ነበር። በዚሁ መንገድ የሻጩ የተጣራ 4,880 ብር ከ6,000 ብር ጠቅላላ የመጣ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ 3,420 ብር ደግሞ ከ4,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 20,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መጀመሪያ ሰባት በመቶውን ጡረታ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ማስላት ምክንያታዊ ይመስላል። በእኛ ሕግ ግን ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይቀነስ ነው። በጋጋሪዋ ላይ ይህ ስሕተት በወር 175 ብር ግብር ያጎድላል። ለአንድ ወር ትንሽ ናት፤ የግብር መርማሪው ግን በአንድ ወር አያቆምም። የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ ያደናግራል። ግብር ይከፈልበታል፣ ጡረታ ግን የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ በመሆኑ አይነካውም። ጋጋሪዋ በበዓል ሰሞን 600 ብር ትርፍ ሰዓት ብታገኝ ግብሯ በ10,600 ብር ላይ ይሰላል፤ የጡረታ መሠረቷ ግን እዚያው 10,000 ብር ነው።

የተስተካከለው ወር በባንክ መግለጫው ላይ ምን ይመስላል? ለሠራተኞች 15,950 ብር፣ ለሥራ ግብር 2,650 ብር፣ ለጡረታ 3,600 ብር፤ በድምሩ 22,200 ብር ወጪ ነው። 3,600 ለ0.18 ሲካፈል 20,000 ይመጣል። ከ20,000 ላይ 2,650 ብር ግብርና የሠራተኞቹ ጡረታ 1,400 ብር ሲቀነስ 15,950 ይቀራል፤ ባንኩ ያስተላለፈውም ይኸው ነው። ማንም ባለሙያ ሳይጠራ ባለቤቱ ራሱ በስልኩ የሂሳብ ማሽን ሊያረጋግጠው ይችላል። ሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ወደ ሌላው ካልመለሱ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

እኔ «የተጣራ» የሚባለው ስምምነት ከቅጥር ውል ላይ ጨርሶ እንዲወጣ የምፈልገው ግን ከሂሳቡ ይልቅ በሐምሌ 2017 ባየሁት ምክንያት ነው። በቀድሞው ሕግ የ10,000 ብር ደመወዝ የሥራ ግብር 2,045 ብር ነበር። አዲሱ ሕግ ወደ 1,650 አወረደው። በየወሩ 395 ብር ወደ ሠራተኛው ኪስ ሊገባ ይገባ ነበር፤ ውሉ ጠቅላላ ደመወዝን የሚጠቅስ ከሆነ በእርግጥም ይገባል። ውሉ በቀድሞው ሕግ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ የሚቀረውን ይዞ «የተጣራ 7,255 ብር» የሚል ከሆነ ግን አሠሪው ወደ ኋላ ያሰላል፦ በአዲሱ ሕግ የተጣራ 7,255 ብር ለመስጠት ጠቅላላው 9,419 ብር ከሳንቲም ቢሆን ይበቃል። ሠራተኛው ባንክ ሲያይ ያው ብር ገብቶለታል፤ አንዳች አልጎደለበትም። በመዝገቡ ላይ ግን ደመወዙ በ581 ብር ገደማ ወርዷል፤ ጡረታው የሚታሰብበት መሠረትም አብሮ ወርዷል። የግብር ቅናሹ ለተቀጣሪው ታስቦ ወጥቶ አሠሪው ኪስ ገባ፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይዋሽ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ አበል በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ዓመታት አማካይ ደመወዝ ተነሥቶ ነው። ስልሳ ዓመት የሞላት ጋጋሪ አበሏን ልታስከብር ስትሄድ የሚመለከተው በወር በወር ስለ እሷ የተዘገበው ደመወዝ ነው። ባንኳ ውስጥ የገባው ብር የሕይወቷ ትዝታ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የሚቀጥለው ያን ያህል ጥልቅ ባይሆንም በየወሩ ራስ ምታት የሚሆን ነገር ነው። በወሩ አጋማሽ ሠራተኛው ቸግሮት ሁለት ሺህ ብር ይጠይቃል። ባለቤቱ ከግል ሂሳቡ በስልክ ይልክለታል፤ ወር ሲሞላ ቀሪውን ከድርጅቱ ሂሳብ ያስገባል። አሁን የድርጅቱ ሂሳብ የሚያሳየው ከሰንጠረዡ የተጣራ ክፍያ በሁለት ሺህ ያነሰ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቅድሚያ ክፍያውም ከድርጅቱ ሂሳብ ይውጣ፤ በደመወዝ ሰንጠረዡ ላይ ከግብርና ከጡረታ ቀጥሎ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፤ ግብሩና ጡረታው ግን በሙሉው ደመወዝ ላይ ይሰላ። የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነትም አብሮ ይታሰር፤ ለዕዳ ተብሎ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ የሠራተኛ ሕጉ ይከለክላል።

ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር ልበል፤ የሚያስቅ ቢመስልም ሰው ሲያጨቃጭቅ አይቻለሁ። እኛ የምንከፍለው የጥቅምት ደመወዝ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የተላከው ገንዘብ በባንክ መግለጫ ላይ ኖቬምበር 9 ተብሎ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ወረቀት የያዘ ሰው «የኅዳር ነው» ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም። ሲያስተላልፉ የክፍያ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «የጥቅምት 2018 ደመወዝ» ብሎ መጻፍ አሥር ሰከንድ አይወስድም። የግብሩም ሆነ የጡረታው ማሳወቂያ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መግባት ስላለበት የትኛው ክፍያ የትኛው ወር እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የባንክ ደረሰኝ ፊርማን ይተካል የሚሉም አሉ። ደረሰኙ ገንዘቡ መድረሱን ያስረዳል። የሠራተኛ ሕጉ ግን አሠሪው ጠቅላላ ደመወዙን፣ ተቀናሾቹን በየዓይነታቸውና የተጣራውን የያዘ መዝገብ እንዲይዝ፣ ሠራተኛውም እንዲፈርምበት ይጠይቃል። ለዳቦ ቤቱ አንዲት ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፦ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ መሠረታዊ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ግብር፣ ሰባት በመቶ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የተጣራ፣ ፊርማ፤ ከጎን ደግሞ የአሠሪው 11 በመቶ። ስሙ በባንክ ደብተሩ፣ በመታወቂያውና በጡረታ መዝገቡ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ አጥብቄ ነገርኩት።

ያለፉት ወራት ምን ይሁኑ የሚለው ለባለቤቱ ከባድ ነበር። የተዛባውን ማሳወቂያ አስተካክሎ ልዩነቱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ መክፈል ግድ እንደሆነ ነገርኩት፤ ፊቱ ጠቆረ። በአዲሱ ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን ወር ሲያስፈርም ግን እዚያው ነበርኩ። ጋጋሪዋ እጇን ከዱቄት አራግፋ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ በጣቷ መስመሩን ተከትላ አነበበችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ የእኔ ደመወዝ አሥር ሺህ ነው እንዴ?»