«ምልክቱን አነበበ» የተባለው ማሽን ቁልፉን ከየት አገኘው?

«ማሽኑ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ ላይ ያለውን የውኃ ምልክት ያነባል፤ አይሳሳትም። ራሱ የጻፈ ተማሪ ምን ያስፈራዋል?»

እንዲህ ያሉት ባለፈው ሳምንት በድሬዳዋ አንድ ኮሌጅ በተጠራ ስብሰባ ላይ መድረኩን የያዙ ኃላፊ ናቸው። እኔ ደግሞ ያስፈራዋል እላለሁ፤ ማሽኑ ምንም ምልክት አያነብምና። ኃላፊው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አምታተዋል፤ የዚያን ዕዳ የሚከፍሉት ማሽኑ «ይህን የጻፈው ሰው አይደለም» ስላለ ዜሮ የተሰጣቸው ተማሪዎች ናቸው።

የውኃ ምልክት የከፊራ ነጋዴ ብሩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሚፈልገው ነገር ነው። ወረቀቱ ሲሠራ ሆን ተብሎ የገባ ነው። በጽሑፍም ላይ ምልክቱን የሚያስገባው ጽሑፉን የሚያመነጨው ድርጅት ነው፤ ካላስገባው የለም።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረቡት ዘዴ አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ጽሑፉን የሚያመነጨው ፕሮግራም፣ በየእርምጃው ሊከተሉ ከሚችሉ ብዙ ቃላት ወይም የቃል ቁራጮች አንዱን ይመርጣል። ከመምረጡ በፊት፣ ቀድሞ የወጣው ቃል ከምስጢራዊ ቁልፍ ጋር ተሰልቶ የቃላቱን ዝርዝር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቀይ ይባላል። ሞዴሉ ለአረንጓዴዎቹ በጥቂቱ ያዳላል። በሚቀጥለው ቃል ክፍፍሉ እንደ አዲስ ይወጣል፤ አሁን አረንጓዴ የነበረው ቀይ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ልዩነቱ አይታየውም። ቁልፉን የያዘ ግን ክፍፍሉን በየቃሉ መልሶ እያወጣ አረንጓዴዎቹን ይቆጥራል።

ቁልፉን የማያውቅ ሰው 200 ቃል ቢጽፍ 100 ያህሉ አረንጓዴ ላይ ይወድቃሉ፤ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ሰባት ስምንት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ አይደንቅም። 140 ከተገኘ ግን ይህ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ከመቶ ሚሊዮን አንድ አይሞላም። ማስረጃ ማለት ይህ ነው። ጸሐፊው እንግሊዝኛው ቢሰላም ቢጎረብጥም፣ ዓረፍተ ነገሩ ቢያጥርም ቢረዝምም ቆጠራው አያዳላበትም፤ ያላየውን ቁልፍ ተከትሎ ሊጽፍ አይችልምና። ጉግል ጀሚናይ የተባለው ሞዴሉ በሚያመነጫቸው ጽሑፎች ላይ የሚያስገባው ሲንዝአይዲ የተባለ የውኃ ምልክትም ቃሉን የሚመርጥበት መንገድ ይለይ እንጂ ያለ ቁልፍ አይነበብም። ታዲያ ኮሌጁ የማንን ቁልፍ ይዞ ነው «አነበብሁ» የሚለው?

ኮሌጁ የያዘው መርማሪ ፕሮግራም ነው። መርማሪ የተቀበረ ነገር አይፈልግም፤ ጽሑፉ የማሽን ይመስል እንደሆነ ይገምታል። ቀጣዩን ቃል ቀድሞ መገመት ከቀለለ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ከተመሳሰሉ ይጠረጥራል። ብሩን ወደ ብርሃን ሳያነሣ፣ የያዘውን ሰው ልብስ አይቶ «ሐሰተኛ ነው» እንደሚል ነጋዴ ማለት ነው።

ዜሮ ከተሰጣቸው አንዷን አውቃታለሁ፤ የሐረር ልጅ ናት። ቤት ሐረሪ፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ተናግራ ያደገች ናት፤ እንግሊዝኛ አራተኛ ቋንቋዋ ነው። ስለ ጁገል አምስት በሮች ስትጽፍ አምስቱንም አንቀጾች በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጀመረች፤ እርግጠኛ የሆነችበት አጀማመር እሱ ነበርና። መርማሪው 82 በመቶ የማሽን ነው አለ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች ለሰባት መርማሪዎች ሲሰጡ፣ መርማሪዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ነው ብለዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ በዚያው ዓመት ያወጣው የራሱ መርማሪ ከሰው ጽሑፎች 9 በመቶውን በሐሰት ሲከስ፣ ከማሽኖቹ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ አነሣው። ሠሪው ያፈረበትን ነገር እኛ «አይሳሳትም» እንላለን!

የውኃ ምልክትም ገደብ አለው፤ ይህን አልክድም። አጭር ጽሑፍ ላይ ለመቁጠር የሚበቃ ቃል የለም። ከ«ድሬ» በኋላ «ዳዋ» ቀይ ቢሆንም መምጣቱ አይቀርም፤ ምርጫ በሌለበት ምልክት አይቀመጥም። ጽሑፉን በሌላ ቃል የጻፈው ወይም የተረጎመው ሰው ምልክቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የምልክት አለመኖር ምንም አያረጋግጥም። ሆኖም ይህ ድክመት አጥፊውን ያስመልጥ ይሆናል እንጂ ንጹሑን አይከስም፤ መርማሪው ግን ንጹሑን ይከሳል።

ልጅቷ ድርሰቱን መጀመሪያ የጻፈችው በእጇ፣ ባለ መስመር ደብተር ላይ ነው። የቡዳ በር ላይ ስትደርስ ሦስት መስመር ሰርዛ እንደገና ጀምራለች፤ ስርዙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ደብተሩን ይዛ ሁለት ጊዜ ቢሮ ሄዳለች። እስከ ዛሬ ገልጦ ያየላት የለም።