እጃችሁን ዘይት ሲያቃጥላችሁ ወደ ውሃ እንጂ ወደ ጥርስ ሳሙና አትሩጡ

ወገኖቼ፣ በተለይ በከተማችን ዳር ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል ያላችሁ! መንገድ ዳር መጥበሻ ጥዳችሁ ሳምቡሳና ፓስቲ የምትሸጡ፣ ልጅ አዝላችሁ ወጥ የምትሠሩ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ቁስል በማጥብበት ክፍል ዘይት ያቃጠለው እጅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የማየው ቁስሉን አይደለም። የጥርስ ሳሙና ተለጥፎበታል፤ ወይ ቅቤ፣ ወይ እንቁላል፣ ወይ ዱቄት። «ምነው?» ስል «ጎረቤት ነው ያለኝ» ይሉኛል። ጎረቤት ለደግ ብሎ ነው፤ ምክሩ ግን ይጎዳል። የጥርስ ሳሙና የሚያቀዘቅዝ የሚመስለን ሚንት ስላለው ነው። ስሜቱ ይቀዘቅዛል እንጂ ቆዳው አይቀዘቅዝም። ቅቤም ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ጥሬ እንቁላል ደግሞ ክፍት ቁስል ላይ ጀርም ያስገባል። ከዚያ የቃጠሎውን ጥልቀት ለማየት ያንን ሁሉ ጠርገን ማንሳት አለብን። ስንጠርግ የሚያመው እናንተን ነው።

ዘይቱ ከእጃችሁ ቢወርድም ሙቀቱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ይህን የሚያስቆመው ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ፣ ሙሉ 20 ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ነክሮ ማውጣት አይበቃም። በረዶም አታድርጉ፤ የተጎዳውን ቆዳ ጨርሶ ይገድለዋል።

«ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ቧንቧው ደርቋል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንዲት ፓስቲ ጠባሽ እህታችንን እናስብ። ዘይቱ ፈንጥቆ የቀኝ እጇን ጀርባና ሁለት ጣቶቿን አገኛት። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ ነው። ይበቃታል። አንድ ሰው ምድጃውን ያጥፋላት፤ ሌላው በጆግ ቀስ እያለ ያፍስስላት። በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ ከፈሰሰ ጀሪካኑ 20 ደቂቃ ያደርሳታል። ያም ከሌለ ንጹህ ሳፋ ውስጥ ትንከረው፤ ውሃው ሲሞቅ ይቀየር። ወዲያው ባይደረግላት እንኳ ቃጠሎው ከደረሰ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል። ስለዚህ «ጊዜው አለፈ» ብላችሁ አትተዉት።

ውሃው እየፈሰሰ ቀለበቷን፣ አምባሯን፣ ሰዓቷን ታውልቅ። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። እጅ ሲቃጠል ያብጣል፤ ያበጠ ጣት ላይ የቀረ ቀለበት ደም እንዳይዘዋወር ያንቃል። የጋብቻ ቀለበት ነው ብላችሁ አትሳሱ። አልወጣ ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይቆረጥ።

የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ እጁን ብቻ አቀዝቅዙ፤ ሌላውን ገላውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። የኛ አገር ማታ ይበርዳል፤ ውሃ ያረጠበው ሕፃን በቀላሉ ብርድ ይመታዋል።

ከ20 ደቂቃው በኋላ እጁን አዲስና ንጹህ በሆነ ፌስታል ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ጥጥ አታድርጉበት፤ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። እጁ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሆናል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ያ ቆዳ ለታችኛው ሥጋ ሽፋን ነው።

ቆዳው ቀላ ብቻ ብሎ ውሃ ካልቋጠረ ቤት ሆናችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። እጅ ላይ ውሃ ከቋጠረ ግን ሂዱ። «ትንሽ ናት» አትበሉ፤ እጅ ብዙ መገጣጠሚያ አለው፤ በደንብ ያልታከመ ቃጠሎ ሲድን ጠባሳው ጣትን አጥፎ ይይዛል። ከዚያ በኋላ እንጀራ መጋገርም ሆነ ቁልፍ መያዝ ያስቸግራል። ቃጠሎው ከራሱ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ጣትን ዙሪያውን ከከበበ፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ወይ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ በዚያው ዕለት ሂዱ።

ከሁሉ የሚያታልለው የማያመው ቃጠሎ ነው። ቆዳው ነጥቶ ወይ ጠቁሮ፣ እንደ ቆዳ ጫማ ደርቆ ካላመማችሁ ደስ አይበላችሁ። ነርቩ ተቃጥሎ ነው። እንዲህ ያለውን ትንሽም ቢሆን «ይነጋል» ብላችሁ አታሳድሩት። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። መኪና ካጣችሁ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ስትሄዱም የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተከተባችሁ ንገሩ፤ ካላስታወሳችሁም አላስታውስም በሉ።

ቤት የቀራችሁም ቢሆን ቁስሉን በየቀኑ እዩት። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ ወይ ትኩሳት ከመጣ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነውና ሂዱ። ፋርማሲ ገብታችሁ ኪኒን ለራሳችሁ አትዘዙ።