ተይዣለሁ

ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አጎቴን ገደልኩት። ሰውየው ደብረ ብርሃን ላይ በሙሉ ጤንነት ጠላውን ይጠጣል፤ የገደልኩት ለአንድ ስብሰባ ስል ነው።

ባልደረባዬ ለሐሙስ በ14 ሰዓት፣ በእኛ 8 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ስብሰባ ጠራኝ። በዚያው ሰዓት የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ፕሬፌክቱር የሚሉት የመንግሥት ቢሮ ቀጠሮ ነበረኝ። ታዲያ «ቀጠሮ አለኝ» ብሎ መቅረት እንዴት ያለ ድፍረት ነው? እኛ ዘንድ እምቢታ ሬሳ ካልተጨመረበት አይታመንም። «አጎቴ አርፏል» አልኩ። በማግስቱ ቢሮው ሁሉ የፈረመበት የሐዘን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። አንዷማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ዘመድ አልነካም ብዬ ቆረጥኩና «ፕሮግራሜ ሞልቷል» የሚለውን በራሴ ፈረንሳይኛ «ዠ ስዊ ፕላን» አልኩት። ቃል በቃል «ሞልቻለሁ» ማለት ነው። ባልደረባዬ ሰዓቱን አየና ሳቀ። ለካ «ጥንብዝ ብያለሁ» ማለትም ይሆናል፤ ገና ጠዋት ነበር።

በመጨረሻ ያዘነችልኝ እዚያው ቢሮ ያረጀችው ጸሐፊያችን ናት። «የሚባለው ዠ ስዊ ፕሪ ነው» አለችኝ። «ተይዣለሁ» እንደማለት ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት የትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንደሆነ ነበር የምትጠይቀኝ። ምክንያት ልጨምር ካልክ ደግሞ «አንፔሽማን» አለ፤ እክል ማለት ነው። ምን ዓይነት እክል ብሎ የሚጠይቅህ የለም። አንድ ቃል ተናግሮ ማምለጥ! እኔ ለዚህ አንድ ሙሉ አጎት ከስሬያለሁ።

ግን እዚያ ላይ አይቆምም፤ ሌላ ቀን ማቅረብ አለብህ። «ዩን ኦትር ፏ»፣ ሌላ ጊዜ፣ ብቻ ካልክ በሩን ዘጋህ ማለት ነው ብላኛለች። ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጦ ይነገራል፤ ያውም «ይመቸኛል» ሳይሆን «ይመችህ ይሆን?» በሚል ለዘብ ባለ አነጋገር። እኔ «እግዜር ካለ እንገናኛለን» ብሎ መለያየት የለመድኩ ሰው፣ ቀጠሮውን ከእግዜር ላይ ነጥቄ ራሴ ልቁረጥ?

ለማንኛውም ሸመደድኩት። ቀጣዩ ጥሪ ሲመጣ ኮቴን አስተካክዬ «ማሌሮዝማን፣ ዠዲ ዠ ስዊ ፕሪ» አልኩ፤ «የሚያሳዝነው ሐሙስ ተይዣለሁ።» ቀጠልኩና «ቫንድረዲ አ ዲስሴት ኧር፣ ሳ ቲሬ?» አርብ በ17 ሰዓት ይመችህ ይሆን?

ባልደረባዬ ፊቱ ዳመነ። አርብ አመሻሽ ላይ ፈረንሳዊን ለስብሰባ መጋበዝ፣ እኛን በፋሲካ ማግስት ለጾም እንደመጋበዝ ነው። ፈገግ ለማለት እየሞከረ «ማሌሮዝማን» አለ፤ «ዠ ስዊ ፕሪ።»