እርማት፦ ስልክን ከቴሌቪዥን ጋር ያለ ገመድ ለማገናኘት ኢንተርኔት ሁልጊዜ አያስፈልግም

«የስልክን ስክሪን ያለ ገመድ ቲቪ ላይ ለማሳየት ቤት ውስጥ የግድ ኢንተርኔት መኖር አለበት።»

ይህ በሰፊው የሚነገር ቢሆንም ትክክል የሚሆነው ለአንዱ መንገድ ብቻ ነው። ሚራካስት የተባለው ዘዴ ስልኩንና ቴሌቪዥኑን በዋይፋይ ዳይሬክት በቀጥታ ስለሚያገናኝ፣ ራውተርም ሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሁለቱም መሣሪያዎች ሚራካስትን መደገፋቸውንና የስልኩ ዋይፋይ መከፈቱን ነው። ለምሳሌ በሳምሰንግ ስልክ የሞባይል ዳታውን አጥፍተው፣ ዋይፋዩን ግን ከፍተው Smart View የሚለውን ቢነኩና ከዝርዝሩ ቴሌቪዥኑን ቢመርጡ፣ ስልኩ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ያለ ኢንተርኔት ይታያል። ስሕተቱ የሚመጣው ዋይፋይ መክፈትንና ኢንተርኔት መጠቀምን አንድ አድርጎ ከማየት ይመስለኛል።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ዩቲዩብን በመሰለ መተግበሪያ ውስጥ ያለው የካስት ምልክት ሲነካ ነው፤ ያን ጊዜ ስልኩ የትኛው ቪዲዮ እንደሚከፈት ብቻ ያዝዛል እንጂ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው፤ በመሆኑም ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። የትኛውን እየተጠቀሙ እንደሆነ ለማወቅ የስልኩን ስክሪን ያጥፉት፦ ካስት ከሆነ ቪዲዮው ይቀጥላል፤ ሚራካስት ከሆነ ግን ምስሉ ይቋረጣል።

አይፎን ሚራካስትን ስለማይደግፍ፣ ስክሪኑን ለማሳየት ኤርፕሌይ የተባለው የአፕል ዘዴ ያለው ቴሌቪዥን ወይም አፕል ቲቪ የተባለውን ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ይፈልጋል።