«አልፈርምም» ቢልስ?

«ሠራተኛዬን በማስጠንቀቂያ ላሰናብት ነው። ደብዳቤውን አልቀበልም ቢለኝስ? በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ አልደረሰኝም ቢል በምን አስረዳለሁ?»

መጀመሪያ በእጁ ይስጡት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 34 የሚያዘው ይህንኑ ነው። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን። እርስዎ ጋ በሚቀረው ግርጌ ላይ «ደርሶኛል» የሚል ቃል፣ ስም፣ ፊርማና ቀን ይኑር። «ተስማምቻለሁ» የሚል ነገር ፈጽሞ አይጨምሩ። ብዙ ሰው የማይፈርመው፣ መፈረም ጥፋትን ማመን ስለሚመስለው ነው። «የፈረምኩት ለመድረሱ ብቻ ነው» ብሎ በእጁ ልጻፍበት ካለ ይፍቀዱለት። ለእርስዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

እምቢ ካለ አይጨቃጨቁ። ሁለት ሰው ባለበት ደብዳቤውን ያንብቡለት፤ ከዚያ እዚያው ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ሠራተኛው የተናገረው ቃል ይጻፍና ምስክሮቹ ይፈርሙ። ከምስክሮቹ አንዱ ከአስተዳደር ክፍል ውጭ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለቱም የአለቃው ሰዎች ከሆኑ ቃላቸው በቀላሉ ይጠረጠራል።

ግን ቃለ ጉባኤው ብቻውን አይበቃም። ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ፣ ሕጉ ደብዳቤው በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት እንዲለጠፍ ይላል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው እንበል። ሠራተኛው አዳማ መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቷል። መጋቢት 1 ደብዳቤውን አልቀበልም አለ። መለጠፍ ያለበት አዳማ ነው፤ አዲስ አበባ ቢለጠፍ ያ የእሱ ሥራ ቦታ አይደለም። የተለጠፈበትና የተነሣበት ቀን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በሁለቱም ቀን ፎቶ ይነሣ። ለጥንቃቄ መጋቢት 12 ጠዋት ይነሣ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለው፤ የሚቆጠረውም በሚገባ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። ደብዳቤው ላይ «ውሉ የሚቋረጠው ግንቦት 2 ነው» ተብሎ ከሆነ መለጠፉ ጊዜውን ይበላዋል፣ ክርክርም ይከፍታል። ስለዚህ ገና ሲጻፍ ግንቦት 15 ማለት ይሻላል።

ቴሌግራም መላክ አይከፋም፤ ግን ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። በፖስታ ቤት የተላከ የአደራ ደብዳቤም ፖስታው መላኩን ያሳያል እንጂ ውስጡ ምን እንደነበረ አያሳይም።

ሥራ የሚለቀው ሠራተኛው ራሱ ከሆነ ቀላል ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ለአሠሪው፣ ለወኪሉ ወይም ለቢሮው ይሰጣል። መዝገብ ቤት ሲያስገባ ግን በራሱ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳያስደርግ አይውጣ።