ውል ላይ ያልተጻፈ ኪራይ በኢንሹራንስ አይመለስም

«ልጄ፣ ያቺን ኮንዶሚኒየም አከራይቼ ኢንሹራንስ ልገባላት ነው። ብትቃጠል የኪራዩንም ይከፍሉሻል አሉኝ። ተከራዩ አልከፍልም ቢለኝስ? ሰባብሮ ቢወጣስ? እሱንም ይችሉልኛል ወይ?»

ማራኪ አካባቢ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ናቸው የጠየቁኝ። ጎንደር ውስጥ የካሳ ጥያቄ ሲቀርብና ሲከፈል፣ አንዳንዴም ሲከለከል፣ ለዓመታት በቅርብ ስላየሁ ነው መልሱን በአደባባይ መጻፍ የፈለግሁት።

እማማ፣ ቤትዎ ተቃጥላ ሰው የማይኖርባት ከሆነች ይከፈልዎታል። ተከራዩ እምቢ ብሎ ከሆነ ግን አንድ ብር አያገኙም። ሰባብሮ ለወጣው የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ ያውም ፖሊሲ በሚባለው የኢንሹራንስ ውል ላይ በተለይ ከተጻፈ ብቻ።

እኛ አገር ባለቤት ለሚያከራየው ቤት የሚገዛው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ መደበኛው የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ ነው። በእሱ ላይ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ፣ እየተጨመረ ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቧንቧና የውኃ ታንከር መፈንዳት ይታከላል። የኪራይ መቋረጥ ሽፋንም እንዲሁ ተጠይቆ የሚታከል ነው፤ ዝም ብሎ አይመጣም። ይህ ሽፋን በሁለት ነገር የታሰረ ነው። አደጋው ፖሊሲው ከዘረዘራቸው አንዱ መሆን አለበት፤ በዚያ አደጋ ምክንያትም ቤቱ ለመኖሪያ የማይሆን መሆን አለበት። ተከራይ ቢጠፋ፣ ገበያ ቢቀዘቅዝ፣ ሰው ኪራይ ቢያሳድር ሽፋኑ አይመለከተውም። የኪራይ ዕዳ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

እዚህ ከተማ የደረሰ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር በ12,000 ብር አከራይተዋል። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን 7,000 ነው። የቀረውን 5,000 ተከራዩ በየወሩ በእጅ ይሰጣል። የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛ ተብሎ የተደረገ ነው፤ በሰፈሩ ሁሉም የሚያደርገው ነበር። ለኢንሹራንሱ ግን እውነቱን ነግረዋል። ወርኃዊ ኪራይ 12,000፣ የተቋረጠው ኪራይ የሚካስበት የካሳ ጊዜ ስድስት ወር፣ ጠቅላላ 72,000 ብር ብለው በዚያው ልክ አረቦን ከፍለዋል።

በጥቅምት አንድ ማታ፣ የተከራዩ ሚስት እንጀራ ጀምራ መብራት ጠፋ። ምጣዱ ሳይነቀል ልጅ ይዛ ወጣች። መብራቱ ሲመለስ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ሶኬቱ ግሎ ቀለጠ፣ እሳቱ ወደ መጋረጃው፣ ከዚያ ወደ ኮርኒሱ ሄደ። ጎረቤት በር ሰብሮ እስኪያጠፋው ድረስ ኩሽናው ከነመስመሩ አልቋል፤ ሳሎኑም ጥላሸት ሆኗል። እኔ በማግስቱ ስገባ ሶኬቱ ያለበት ግድግዳ ላይ እንደ ምላስ ወደ ላይ የወጣ ጥቁር ነበር፤ ጉዳቱን የሚያጣራው ገማች እሳቱ ከየት እንደጀመረ በዚያ ነው የለየው።

ቤቱ እንደገና ሰው እስኪገባበት ሰባት ወር ፈጀ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ፣ ቆጣሪው እንደገና ተገናኝቶ፣ ኮርኒሱ ተሠርቶ ነው። መምህርቷ ያጡት 84,000 ብር ነው። ያገኙት 42,000።

ግማሹ የት ሄደ? ሰባተኛው ወር ከካሳው ጊዜ ውጭ ስለሆነ 12,000 ብሩ ቀረ። የቀረው 30,000 ግን በእጅ ይሰጥ የነበረው ብር ነው፤ በወር 5,000፣ ለስድስት ወር። ኢንሹራንሱ ውሉንና የባንክ ደረሰኙን ጠየቀ፤ ሁለቱም 7,000 ነው የሚሉት። «አረቦን የከፈልሁት በ12,000 ሂሳብ ነው» ብለው ቢሟገቱም አልረዳቸውም። በንግድ ሕጋችን አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው፤ ከደረሰው ጉዳት በላይ አይከፈልበትም። ፖሊሲው ላይ ያለው 72,000 ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው በታች የሚከፈለው የተረጋገጠው ኪሳራ ነው። ያልተጻፈ ኪራይ ደግሞ ማስረጃ የለውም፤ ማስረጃ ላቅርብ ቢሉ ለግብር ቢሮ ራሳቸውን መክሰሳቸው ነው።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ብዙ አከራይ ይህን እንደ ቁጥጥር ብቻ ነው ያየው። እኔ ግን የሚያዝያን የባንክ ደረሰኝ በኅዳር የካሳ ማስረጃ ሲሆን አይቻለሁ። በውሉ ላይ ኪራይ አሳንሶ እየጻፉ የኪራይ መቋረጥ ሽፋን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሽፋኑን ሲሸጥ ውሉን የማያይ ሠራተኛም ጥፋተኛ ነው፤ 12,000 ብሎ ሲመዘግብ ውሉን አምጡ ቢል ኖሮ መምህርቷ ያኔ ያውቁት ነበር።

ተቃራኒውም ይጎዳል። ኪራዩን ሕጉ በሚፈቅደው ጨምረው ለኢንሹራንሱ ካልነገሩ፣ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ያለበት ፖሊሲ ይቀንስብዎታል። በ9,000 ሂሳብ ለስድስት ወር 54,000 አስገብተው ትክክለኛው 72,000 ከሆነ፣ ሽፋንዎ ሦስት አራተኛ ነው። አራት ወር ቢያጡ ኪሳራው 48,000 ነው፣ የሚከፈለው 36,000። ጭማሪ በተደረገ ቁጥር አንዲት ደብዳቤ ይበቃል።

የካሳውን ጊዜ በተመለከተ ምክሬ አሥራ ሁለት ወር ነው። በስድስቱና በአሥራ ሁለቱ መካከል ያለው የአረቦን ልዩነት ከአንድ ወር ኪራይ ጋር አስተያዩት። እዚህ ቤት መጠገን ክረምት ከገባበት ይጓተታል፤ መንገድ ሲዘጋ ዕቃ አይገባም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት ወይም ከጉዳቱ ጋር ላሻሽለው ብሎ ያዘገየው ጊዜ አይቆጠርለትም። ገማቹ የሚያሰላው ጥገናው በተገቢው ፍጥነት ቢሄድ የሚፈጀውን ነው።

በመምህርቷ ጉዳይ ሌላም ነገር ነበር፤ እስካሁን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እሳቱ በተከራዩ ቤተሰብ ቸልተኝነት እንደተነሳ ግልጽ ነው። ያ ለመምህርቷ ካሳ አይከለክልም፤ እሳት በማንም ቸልተኝነት ቢነሳ እሳት ነው። ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ ግን በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 በመምህርቷ እግር ተተክቶ ጉዳት አድራሹን መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። ተከራዩ ደህና ሰው ነው፣ ደንግጧል፣ አልቅሷል። መምህርቷ ይቅር አሉ፤ ይቅርታቸው ልክ ነበር። ነገር ግን «ከእንግዲህ በተከራዩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አንስተው ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እስቲ ኢንሹራንሱን እንጠይቅ» አሉ። ፈርመው ቢሆን የኢንሹራንሱን መብት አሳልፈው ሰጥተዋልና ካሳው ሊከለከላቸው ይችል ነበር። ይቅር በሉ፣ አብራችሁ ቡና ጠጡ፤ ወረቀት ላይ ግን ካሳው ሳይጨረስ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ሰባበረው ተከራይ። ኢንሹራንስ እርጅናን አይከፍልም፤ የተላጠ ቀለም፣ ያለቀ ወለል፣ የላላ ማጠፊያ የቤት ባለቤት ወጪ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ጉዳትን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ፖሊሲዎች በባለቤቱ ፈቃድ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ያደረሰውን ከሽፋን ያወጣሉ፤ ተከራይ ማለት በፈቃድ የገባ ሰው ነው። ስርቆትም የተሰበረ በር ወይም መስኮት ይፈልጋል፤ ቁልፍ ያለው ሰው ቦይለሩን ነቅሎ ቢሄድ ያ በፖሊሲው ቋንቋ ስርቆት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የተከራይ ጉዳት በተጨማሪ አንቀጽ ካልገባ የለም፤ ሲገባም በራሱ ትንሽ ጣሪያ ነው።

እንበልና ጣሪያው 30,000፣ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ተቀናሽ 5,000 ነው። ተከራዩ ሲወጣ የመታጠቢያ ቤቱን ሰሃን ሰብሯል፣ ሁለት በር ገንጥሏል፣ የመብራት መስመር መዝዟል፤ ግድግዳውም ቆሽሿል፣ ወለሉም አልቋል። ጠቅላላ ጥገናው 65,000 ብር ነው። ገማቹ የቀለሙንና የወለሉን 15,000 እርጅና ነው ብሎ ያወጣል። የቀረው 50,000። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ 5,000 ብር ያወጣል፦ ተቀናሹ የሚነሳው ከጉዳቱ ነው ወይስ ከጣሪያው? ከጉዳቱ ከሆነ 45,000 ይሆንና ጣሪያው 30,000 ይከፈላል። ከጣሪያው ከሆነ 25,000 ነው። ፖሊሲው ይህን በአንዲት ሐረግ ነው የሚለው፤ ከመፈረምዎ በፊት ያስነብቡት። ከተከራዩ የያዙት ገንዘብ ካለም ይታሰባል፤ ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ አይካሱም።

ያም ሆኖ ይህ ሁሉ የሚሆነው ቤቱ ሲሰጥ ምን እንደነበረ ከታወቀ ነው። ቁልፍ ስታስረክቡ በየክፍሉ ዞራችሁ፣ በር በሩን፣ ሶኬት ሶኬቱን ጻፉ፤ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ተከራዩ ይፈርምበት። እኔ ካየኋቸው የተከራይ ጉዳት ጥያቄዎች ውስጥ የወደቁት በአብዛኛው የርክክብ ዝርዝር የሌላቸው ናቸው። «ስገባም ተሰብሮ ነበር» የሚለው ቃል ከሌላ ቃል ጋር እኩል ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። የዩኒቨርሲቲ ሰዎችን የምታከራዩ፣ ቤቱ በክረምት ባዶ የሚቀር ከሆነ መደበኛው የእሳት ፖሊሲ ከ30 ቀን በላይ ባዶ ለሆነ ቤት ሽፋኑን እንደሚያቋርጥ እወቁ፤ ቀድሞ ማሳወቅና ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ሌላው ከባዱ ነው። ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነትና አመፅ ከመደበኛው ፖሊሲ ውጭ ናቸው፤ በዚያ የወደመ ቤት ኪራዩም አብሮ ከሽፋን ይወጣል። ሁከትና አድማ፣ እንዲሁም የፖለቲካ ግጭት ለብቻ የሚገዙ ሽፋኖች ናቸው። በዚህ ጊዜ ጎንደር ላይ ፖሊሲ የሚሸጥ ሰው ይህን ሳይጠየቅ፣ በአማርኛ፣ ከአረቦኑ በፊት መናገር አለበት።

እማማ፣ ቤትዎ ሲያስገቡ የሚጻፈው ዋጋ ቤቷን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ነው እንጂ ደላላው የሚጠራው አይደለም፤ የቦታው ዋጋ አይቃጠልም። ወደ ቢሮው ሲሄዱ የተመዘገበውን ውልዎን፣ የሦስት ወር የባንክ ደረሰኝና የርክክቡን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፤ የኪራይ መቋረጡን ለአሥራ ሁለት ወር ይበሏቸው፤ የተከራይ ጉዳት ጣሪያውን ቁጥር በእጃቸው ያስጽፉ።