እርማት፦ የጎማው 18 የኛ 18 አይደለም

«ደብረ ብርሃን ላይ ጎማ ገዛሁ። ፀጉሩ አልረገፈም፣ መጨረሻው ላይ 2318 ይላል። የ2018 ምርት ስለሆነ አዲስ ነው።»

ወንድሜ፣ እባክህ ሳታስገጥመው አንብበኝ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የሚቆጠሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 23 ሳምንቱ ነው፣ 18 ደግሞ ዓመቱ። ጎማህ የተመረተው በእኛ 2010 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ፀጉሩም ምስክር አይሆንም። ጎማው ፋብሪካ ውስጥ ሲጋገር ላስቲኩ በቅርጽ ማውጫው ቀዳዳዎች ሾልኮ የሚቀር ነው፤ ካልተነዳበት መጋዘን ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥም አይረግፍም። ላስቲኩ ግን ቆሞም ይደርቃል። የጥርሱን ስር ከፈት አድርገህ ተመልከት፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ካለ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በጭነት ልትወርድበት አይገባም። ማብረቂያ ቅባት ስንጥቁን ስለሚሸፍነው መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ቀኑ ተቀይሮ እንደሆነም ይታያል። ትክክለኛው አሃዝ አብሮ የተጋገረ ስለሆነ ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ጊዜም በትንሽ ክፈፍ ውስጥ ይቀመጣል። ዙሪያው የተሞረደ ወይም አሃዙ በጋለ ብረት የተቃጠለ ከመሰለህ አትቀበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ከ53 ከበለጡም ሐሰት ነው፤ ዓመት ያን ያህል ሳምንት የለውም። በአንዱ ጎን ቀኑን ካጣኸው ግን አትደንግጥ፣ ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም ገልብጠህ እየው።